ከ2፡30 እስከ 2፡55፦ ሁለት ጊዜ የተከፈተ አንድ ሥልጠና

የጉዳይ ጥናት

ሥልጠናው በአማራ ክልል በአንድ ወረዳ ለሚሠሩ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። ርዕሱ ከ6 እስከ 59 ወር ዕድሜ ያላቸውን ሕፃናት ለአጣዳፊ የምግብ እጥረት መለየት፣ ጤና ኬላ ላይ ማከም የሚቻለውን ማከም፣ የማይቻለውን ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ነበር። ሠልጣኞቹ ለአንድ አዳራሽ ስለሚበዙ በሁለት ዙር ተከፈሉ፤ በመጀመሪያው 32፣ በሁለተኛው 34 ሰው ገባ። በሁለቱም ዙር አዳራሹ፣ ሁለቱ አሠልጣኞች፣ ማኑዋሉና ቀኖቹ (ከረቡዕ እስከ ዓርብ) ያው ነበሩ። በሁለቱ ዙሮች መካከል የተቀየረው የመክፈቻው ክፍል ነው። ወረዳውም ሥልጠናውን የደገፈው ድርጅትም እዚህ በስም አይጠቀሱም።

የመጀመሪያው ዙር ጠዋት

ፕሮግራሙ ላይ «2፡30 – 3፡00፦ እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ትውውቅ፣ ከሥልጠናው የሚጠበቅ» ተብሎ ተጽፏል። 2፡30 ሲሆን 20 የሚያህሉ ሰዎች ገብተዋል፤ መዝገቡ ግን በር ላይ ሳይሆን አዳራሹ ውስጥ ከሰው ወደ ሰው እየዞረ ነው። መክፈቻውን የሚያደርጉት የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ እስከ 3፡10 ተጠበቁ። በዚያ መሀል ማንም መድረክ ላይ አልወጣም፤ ሠልጣኞቹ ስልካቸውን ያዩ ነበር።

ኃላፊው ገብተው 25 ደቂቃ ተናገሩ። ከዚያ ውስጥ ትልቁን ጊዜ የወሰደው የሩብ ዓመቱ አፈጻጸም ሲሆን በልየታ ወደኋላ የቀሩ ቀበሌዎች በስማቸው ተጠሩ። የተጠሩት ቀበሌዎች ባለሙያዎች እዚያው ተቀምጠው ነበር፤ አንድ ቀበሌ ላይ በአብዛኛው ሁለት ባለሙያ ብቻ ስለሚሠራ ቀበሌው ተጠራ ማለት ሰው ተጠራ ማለት ነው።

ትውውቁ የተሠራው በጥንድ ነው። እያንዳንዱ ሠልጣኝ የጎረቤቱን ስም፣ የሥራ ቦታ፣ የአገልግሎት ዘመንና «የሚወደውን ነገር» ጠይቆ ለቤቱ ያስተዋውቃል። ጨዋታው ደስ ይላል፤ ሒሳቡ ግን አይገጥምም። አንድ ሰው አስተዋውቆ ለመቀመጥ፣ ሳቅና ጭብጨባ ተጨምሮበት፣ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። 32 ሰው በአንድ ደቂቃ ተኩል 48 ደቂቃ ነው። 30 ደቂቃ በተያዘለት ክፍል ውስጥ 48 ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ሲቀመጥ ችግሩ ወረቀቱ ላይ ገና ተጀምሯል።

ከሻይ በኋላ «ከሥልጠናው የምትጠብቁት ምንድን ነው?» ተብሎ ተጠየቀ። ዝምታ ሆነ፤ ከዚያ አንዷ «እውቀት» አለች፣ ሌላዋ «ልምድ ልውውጥ»፣ ሦስተኛዋ ደግሞ «ጥሩ ቆይታ»። አሠልጣኙ ሦስቱንም ፍሊፕ ቻርቱ ላይ ጽፎ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጠፈው፤ እስከ ዓርብ ማታ ድረስም ማንም መለስ ብሎ አላየውም። ቀጥሎ ደንብ ወጣ፦ ስልክ ይጠፋል፣ ያረፈደ 10 ብር ይቀጣል ወይም ይዘፍናል። በመጨረሻ የቅድመ ሥልጠና ፈተና ታደለ። ወረቀቱ ላይ ስምና ጤና ኬላ የሚጻፍበት መስመር ነበረ፤ ውጤቱ ወዴት እንደሚሄድ ግን አልተነገረም። ሠልጣኞቹ ተያይተው ሠሩ።

ምሳ እስኪደርስ የክንድ ዙሪያ መለኪያውን ጥብጣብ በእጁ የያዘ ሰው አልነበረም። በዕቅዱ መሠረት ልምምዱ 4፡30 ላይ መጀመር ነበረበት። የጠፋው ጊዜ የተካካሰው ከዓርብ ተግባራዊ ልምምድ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ሠልጣኝ አሥር ሕፃን እንዲለካ ታስቦ ብዙዎቹ አራት ብቻ ለክተው ወጡ። መለካት ደግሞ በእጅ የሚለመድ ነገር ነው። ጥብጣቡን የሚያጠብቅ ሰው የደህናውን ልጅ ክንድ ያሳንሳል፤ የሚያላላ ሰው ደግሞ የታመመውን ያሳልፋል።

ሰዓቱን ማን በላው?

ከሥልጠናው በኋላ በተደረገው ግምገማ የመጀመሪያው ወቀሳ ያረፈው ኃላፊው ዘግይተው በመምጣታቸውና ሠልጣኞቹ በማርፈዳቸው ላይ ነው። ሁለቱም እውነት ነው። ነገር ግን በሻይና በምሳ ሰዓት ሠልጣኞቹ ለአስተባባሪዋ ያቀረቧቸው ጥያቄዎች ሲሰበሰቡ ሌላ ነገር ታየ። ጥያቄዎቹ ሁሉ ማለት ይቻላል አምስት ጉዳዮች ላይ ያርፋሉ፦ አበሉ ስንት ነው፣ መቼና እንዴት ይከፈላል? ትራንስፖርት ያለ ደረሰኝ ይያዛል ወይ? ልጅ ይዛ የመጣች እናት ልጇን የት ታስቀምጥ? ዛሬ ጾም ነው፣ ምሳው ምንድን ነው? ፈተናው ለወረዳ ይላካል ወይ?

መግቢያው ከእነዚህ አንዱንም አልመለሰም። «ምን ትጠብቃላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ሲቀርብ በሠልጣኞቹ ሐሳብ ውስጥ ያለው እውነተኛ መልስ «አበሉን ንገሩን» ነበር፤ ይህን ደግሞ በኃላፊና በእንግዳ ፊት ተነስቶ የሚናገር ሰው የለም። ስለዚህ የማይነቀፍ ቃል ተመረጠ፦ እውቀት። አሠልጣኞች ብዙ ጊዜ ይህን መልስ የተሳታፊ ስንፍና አድርገው ያዩታል፤ ስንፍና ግን አይደለም፤ ይሉኝታ ነው። ከሩቅ ቀበሌ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ለመጣ ሰው ማታ የት እንደሚያድር የሚወስነው የአበሉ መጠን ነው። ይህ ሳይታወቅ ስለ ሥልጠናው ዓላማ ቢወራለት ጆሮው እዚያ አይሆንም።

ሁለት ሌሎች ነገሮችም ከመክፈቻው በፊት ተበላሽተው ነበር፤ መክፈቻው ሊይዛቸው ሲገባ አለፋቸው። አንደኛው የጥሪ ደብዳቤው ነው። ድርጅቱ የላከው ደብዳቤ ሰዓቱን «8:30» ብሎ በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፈው፤ ጠዋት የሚል ቃል አልጨመረበትም። አብዛኞቹ ጤና ጣቢያዎች ገባቸውና አስተካክለው አስተላለፉት። አንድ ጤና ጣቢያ ግን እንዳለ ስለገለበጠው ሁለት ባለሙያዎች ከምሳ በኋላ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሱ፤ በሰዓታቸው እንደመጡም እርግጠኛ ነበሩ። በአዲሱ ደንብ መሠረት «ያረፈደ ይዘፍናል» ሲባሉ አንደኛዋ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ከዚያ በኋላም በሦስቱ ቀን አንድ ጊዜ እንኳ አልተናገረችም። ሁለተኛው የሠልጣኝ ማንነት ነው። በሁለት ባለሙያዎች ፋንታ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ በመረጃ ክፍል የሚሠሩ ሰዎች ተልከው ነበር። ይህ የታወቀው ከሰዓት በኋላ፣ «ጤና ኬላህ ላይ በሳምንት ስንት ልጅ ትለካለህ?» ተብለው ሲጠየቁ ነው። በዚያ ሰዓት መመለስም ማስቀጠልም ያሳፍራል።

ሁለተኛው ዙር፦ በር ላይ የተጀመረ አቀባበል

ለሁለተኛው ዙር የተወሰደው መሠረታዊ ውሳኔ አንድ ነው፤ የሠልጣኙ የራሱ ጥያቄ ይቅደም፣ የአሠልጣኙ ጥያቄ ይከተል። ሌላው ማስተካከያ ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

የጥሪ ደብዳቤው ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ሰዓቱን ደግሞ «ጠዋት 2፡00 ምዝገባ፣ 2፡30 ሥልጠናው ይጀመራል» ብሎ ጻፈ። «ተጋባዡ በጤና ኬላ ላይ የሚሠራ/የምትሠራ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ብቻ» የሚል መስመር ተጨመረ፤ መታወቂያና የመታወቂያ ኮፒ እንዲያዝም ታዘዘ። አስተባባሪዋ ከቀኑ በፊት ለእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ ስልክ ደውላ የሚመጡትን ስም በስም አረጋገጠች። እንዲያም ሆኖ አንድ ተተኪ መጣ። በር ላይ ከዝርዝሩ ጋር ሲመሳከር ታወቀ፤ አስተባባሪዋ ወደ ጎን ወስዳ በጨዋ አነጋገር አስረዳችው፣ ለላከው ጽሕፈት ቤትም እዚያው ደወለች። ትክክለኛዋ ባለሙያ ከሰዓት በኋላ ደረሰች፤ ተተኪው የመጣበትን ትራንስፖርት ተቀብሎ ተመለሰ። ነገሩ አዳራሹ ውስጥ አልገባም።

በር ላይ ሁለት ጠረጴዛ ተቀመጠ። አንዱ ላይ ምዝገባ፣ ሌላው ላይ ሻይና ዳቦ። አንድ ሰው ብቻ ከመዘገበ 34 ሰው በግማሽ ሰዓት አያልቅም፤ ስምና ስልክ አስጽፎ፣ ኮፒ ተቀብሎ፣ አስፈርሞ ለመልቀቅ ለአንድ ሰው ሁለት ደቂቃ ቢወስድ ከአንድ ሰዓት ይበልጣል። ስለዚህ ዝርዝሩ በፊደል ቅደም ተከተል ለሁለት ተከፍሎ ሁለት ሰው ያዘው፤ ስሙም ቀድሞ ታትሞ ስለነበር ሠልጣኙ የሚያደርገው ማረጋገጥና መፈረም ብቻ ሆነ። መዝጋቢዎቹ ሁለት ነገር ይጠይቃሉ፦ «ምሳ የጾም ነው የፍስክ?» እና «ልጅ ይዘው መጥተዋል?»። ሥልጠናው ረቡዕ ተጀምሮ ዓርብ ስለሚያልቅ ከሦስቱ ቀን ሁለቱ ጾም ናቸው። ቁጥሩን ምግብ ቤቱ ጠዋት 3፡00 ላይ ካላወቀ ምሳ ላይ ግማሹ ሰው ሽሮ ይጠብቃል፣ ወይም ለሙስሊሞቹ ሠልጣኞች የሚሆን የፍስክ ምግብ ይጠፋል።

የስም ካርዱ ከወፍራም ወረቀት የተቆረጠ፣ ጠረጴዛ ላይ ታጥፎ የሚቆም ነው። ስሙ በማርከር፣ ከአዳራሹ ጫፍ እንዲነበብ ጎላ ብሎ ተጻፈ፤ ከሥሩ የጤና ኬላው ስም አለ። በዚህ ካርድ ምክንያት ትውውቁ ከጠዋቱ ፕሮግራም ወጣ። አሠልጣኙ ሁሉንም በስማቸው መጥራት ቻለ፤ ሠልጣኞቹም እርስ በእርስ የሚተዋወቁት አራት አራት ሆነው በተቀመጡበት ጠረጴዛ ላይ ነው። የአንድ ወረዳ ባለሙያዎች ለነገሩ አብዛኞቹ ይተዋወቃሉ፤ ትውውቁ የሚያስፈልገው ለአሠልጣኙ ነበር።

ኃላፊውን በተመለከተ አስተባባሪዋ በዋዜማው ቢሮአቸው ሄዳ ተነጋገረች። «ጠዋት ስብሰባ ይኖርብዎታል፤ ከሻይ በኋላ ከ4፡30 እስከ 4፡40 ያለው ሰዓት የእርስዎ ነው፤ ሠልጣኞቹ የሚፈልጉት ለእጥረቱ ሕክምና ስለሚሰጠው ገንቢ ምግብ አቅርቦት ከእርስዎ እንዲሰሙ ነው» አለቻቸው፤ ሦስት ነጥብ የያዘ ግማሽ ገጽ ወረቀትም ሰጠቻቸው። ይህ ሥልጣንን መጋፋት አይደለም። ኃላፊው የተወሰነ ሰዓትና የተወሰነ ጉዳይ ሲሰጣቸው በጥሞና ይናገራሉ፤ «መክፈቻ ንግግር ያድርጉልን» ብቻ ሲባሉ ግን በእጃቸው ያለውን ሪፖርት ማንበባቸው የሚጠበቅ ነው። በሁለተኛው ዙር 4፡35 ላይ ገብተው 12 ደቂቃ ተናገሩ፤ በስም የተጠራ ቀበሌም አልነበረም።

ሃያ አምስቱ ደቂቃ

2፡30 ላይ 29 ሰው ተቀምጧል። ያልመጡት አልተጠበቁም። ሰዓቱን አክብሮ የመጣውን ማስጠበቅ ያረፈደውን መሸለም ነው፤ በሁለተኛው ቀን ሁሉም ያረፍዳል። ለዘገየ ሰው በር አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ክፍት ተትቷል፤ አስተባባሪዋ ያለፈውን በአጭሩ በጆሮው ትነግረዋለች።

አሠልጣኙ የጀመረው እንዲህ ነው፦ «እንደምን አደራችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከሩቅ ቀበሌ ሌሊት ተነስታችሁ የመጣችሁ አላችሁ፤ እናመሰግናለን። እኔና ባልደረባዬ እስከ ዓርብ አብረናችሁ ነን። መጀመሪያ የእናንተን ጥያቄ እንመልስና ከዚያ ወደ ሥራችን እንገባለን።» የራሱን የትምህርት ደረጃና የአገልግሎት ዘመን አልዘረዘረም፤ ስሙን፣ ከየት እንደመጣና ይህን ሕክምና ጤና ጣቢያ ላይ ይሠራ እንደነበር ተናግሮ አለፈ። ይህ ሁለት ደቂቃ ወሰደ።

ቀጥሎ የተነሳው አሠልጣኝ አይደለም፤ የድርጅቱ የፋይናንስ ባለሙያ ነው። ገንዘብን አሠልጣኝ ባይናገር ይሻላል፤ አንድ ቁጥር ከተሳሳተ በሦስቱ ቀን የሚጠየቀው እሱ ነው፤ ትምህርቱም ከክርክሩ ጋር ይነካካል። ባለሙያው የቀን አበሉን መጠን ፍሊፕ ቻርት ላይ ጻፈ፣ ክፍያው ዓርብ 9፡00 ላይ እንደሚጀመር፣ የመታወቂያ ኮፒ ያላመጣ እስከ ሐሙስ እንዲያመጣ፣ ትራንስፖርት በወረዳው በታወቀው ታሪፍ እንደሚታሰብ ተናገረ። አንዲት ሠልጣኝ እጇን አውጥታ «ከዋናው መንገድ እስከ ቀበሌያችን በባጃጅ ነው የምንሄደው፣ ታሪፍ የለውም» አለች። መልሱ በእጁ አልነበረም፤ «ዛሬ ምሳ ላይ አጣርቼ እዚሁ ቦርድ ላይ እጽፈዋለሁ» አለ፣ ጻፈውም። ያልታወቀ ነገር ሲገጥም ቁርጥ ያለ ሰዓት መስጠት ይበቃል፤ «እናያለን» የሚለው መልስ ግን ጥያቄውን ሦስት ቀን ያቆየዋል። ወረቀቱ እስከ መጨረሻው ግድግዳ ላይ ቆየ። ይህ ክፍል አምስት ደቂቃ ወሰደ።

ከዚያ አስተባባሪዋ ስለ ቤቱ ተናገረች፦ መጸዳጃ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ፣ የሻይና የምሳ ሰዓት፣ ምሳ በየቀኑ 6፡30 ላይ እንደሚሆን፣ ዓርብ ግን ለጁምዓ የሚሄዱ ስላሉ ምሳው ከ6፡00 እስከ 8፡00 እንደሚረዝም። በዚህ ዙር አምስት እናቶች ጡት የሚጠቡ ልጆች ይዘው መጥተዋል። ጎን ያለው ትንሽ ክፍል ፍራሽ ተነጥፎበት ለልጆቹና ለያዟቸው ሞግዚቶች ተሰጠ። አስተባባሪዋ «ልጅ ሲያለቅስ ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልግም፣ ውጡ፤ ስትመለሱ ጎረቤታችሁ ያለፈውን ያሳያችኋል» አለች። ይህን ዓረፍተ ነገር ፊት ለፊት መናገሩ ትልቅ ነገር ለውጧል። በመጀመሪያው ዙር እናቶቹ ሁሉ ለመውጣት እንዲመቻቸው ከኋላ በር ሥር ተቀምጠው ነበር፤ በሁለተኛው በየጠረጴዛው ተበትነው ተቀመጡ። አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ይጨመር፤ ልጆቹ እዚያው ስላሉ ለልምምድ ክንዳቸውን መለካት አሠልጣኙን ያምረዋል። እናትየዋ ራሷ ባለሙያ ናት፤ የልጇ ክንድ በባልደረቦቿ ፊት እጥረትን በሚያሳየው የጥብጣቡ ቢጫ ክፍል ላይ ቢያርፍ ምን እንደሚሰማት መገመት አያዳግትም። ለብቻዋ ተጠይቃ ካልፈቀደች አይነካም።

ከስምንት ደቂቃ በላይ አልፏል፤ ስለ ሥልጠናው ገና አልተወራም። አሁን ግን ሁሉም ያዳምጣል። አሠልጣኙ ጥብጣቡን ከፍ አድርጎ ያዘና እንዲህ አለ፦ «ዓርብ ከመለያየታችን በፊት እያንዳንዳችሁ ሦስት ነገር እያየናችሁ ትሠራላችሁ። አንድ፣ የአሥር ሕፃናትን የግራ ክንድ ትለካላችሁ፤ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከፍተኛ እጥረት፣ ከ11.5 እስከ 12.5 የማይሞላ መካከለኛ እጥረት። ሁለት፣ ሁለቱን እግሮች በአውራ ጣት ለሦስት ሰኮንድ ተጭናችሁ እብጠት ትለያላችሁ። ሦስት፣ የምግብ ፍላጎት ፈተና ሠርታችሁ ልጁ ጤና ኬላ ላይ ይታከም ወይስ ይላክ የሚለውን ትወስናላችሁ።» ቀጥሎ የማይኖረውን ተናገረ፦ «ስለ ነፍሰ ጡሮች ሥርዓተ ምግብና ከስድስት ወር በታች ስላሉ ሕፃናት አናነሳም፤ ጊዜው አይበቃም። የገንቢ ምግብ አቅርቦትም በእኛ እጅ የለም፤ ስለ እሱ ኃላፊው 4፡30 ላይ ይመጣሉ፣ ለእሳቸው ጠይቁ።»

የማይሰጠውን አስቀድሞ መናገር አሠልጣኞችን ያስፈራቸዋል፤ ሠልጣኙን ቅር የሚያሰኝ ይመስላቸዋል። በመጀመሪያው ዙር ግን የአቅርቦቱ ጥያቄ ለአሠልጣኞቹ በየክፍለ ጊዜው ይነሳ ነበር፤ በሁለተኛው ለባለቤቱ ቀረበ።

ካርዶቹ

«ምን ትጠብቃላችሁ?» የሚለው ጥያቄ በሁለተኛው ዙር አልተጠየቀም። ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ አንድ የግማሽ ገጽ ካርድ ታደለና «ባለፉት ሦስት ወራት ልጅ ስትለኩ ወይም ስትልኩ የቸገራችሁን አንድ ነገር ጻፉ፤ ስም አትጻፉ» ተባለ። ሦስት ደቂቃ ተሰጠ። ከመጡት ጽሑፎች የተወሰኑት እነዚህ ናቸው፦

«እናት ልጄን አላስተኛም ብላ ከጤና ጣቢያ ትመለሳለች።»

«ገንቢ ምግቡ ያልቃል፣ እናት ተመልሳ ስትመጣ ባዶ እጇን እሸኛለሁ።»

«ጥብጣቡ አርጅቶ ቁጥሩ ጠፍቷል።»

«ልጁ ክንዱ ደህና ነው ግን ፊቱ ያበጠ ይመስላል፣ ምን ላድርግ።»

«ምግቡን ለታላላቆቹ ያካፍሉታል።»

«የእርከን ዕድገታችን ለምን ቆመ።»

ይህ «እውቀት» ከሚለው መልስ የሚለየው አሠልጣኙን ሥራ ስለሚያስይዘው ነው። ካርዶቹ ተሰብስበው፣ ጮክ ተብሎ እየተነበቡ፣ በሠልጣኞቹ ፊት ግድግዳ ላይ በሦስት ቦታ ተለጠፉ። የመጀመሪያው ቦታ «እናየዋለን» ይላል፤ እያንዳንዱ ካርድ ላይ ቀኑና ሰዓቱ ተጻፈበት፤ ያበጠ ፊት ያለው ልጅ «ረቡዕ 8፡30»፣ ምግቡ ስለሚከፋፈልበት ቤት ደግሞ «ሐሙስ 3፡00»። ሁለተኛው «ለባለቤቱ እናደርሳለን» ነው፤ የአቅርቦትና የጥብጣብ ካርዶች እዚያ ሄዱ፣ ባለቤቱም በስሙ ሳይሆን በሥራ ክፍሉ ተጻፈ። ሦስተኛው «እዚህ አይፈታም» ነው። የእርከን ዕድገቱ ካርድ እዚህ ተለጠፈ። አሠልጣኙ አላፌዘበትም፣ ተስፋም አልሰጠም፤ «ጥያቄው ተገቢ ነው፣ እኛ ግን ልንመልሰው አንችልም» ብሎ አለፈ።

እዚህ ላይ የሚበላሽ ነገር አለ። ከካርዶቹ ብዙዎቹ ስለሚመሳሰሉ አንዱ ከተነበበ በኋላ ሌሎቹን በላዩ መደራረብ ይበቃል፤ ሁሉንም በየተራ ላንብብ ያለ አሠልጣኝ ሩብ ሰዓት ይጨርሳል። በተጨማሪ በአንድ ካርድ ላይ ውይይት እንዳይከፈት መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ከጤና ጣቢያ ስለምትመለሰው እናት ሲነበብ ወዲያው ሦስት ሰው ልምዱን መናገር ጀመረ። አሠልጣኙ «ይህን ነው ሐሙስ 4፡30 ላይ የምንፈልገው፣ ያዙልኝ» ብሎ ከካርዱ ጎን የሦስቱን ስም ጻፈ። ሐሙስ ያንን ክፍል የጀመሩት እነሱ ናቸው።

ስምምነትና ፈተና

ደንቡ አጠረ፤ ቅጣቱም ወጣ። በመጀመሪያው ዙር «ስልክ ይጥፋ» የሚለው ደንብ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፈርሶ ነበር። ምክንያቱም የሚታወቅ ነው፤ ምጥ የያዛት እናት ቤተሰብ አምቡላንስ ለማስጠራት የሚደውለው ለቀበሌዋ ባለሙያ ነው። ሊከበር የማይችል ደንብ ሲወጣ አብረውት ያሉት ደንቦችም ዋጋ ያጣሉ። ስለዚህ ስልክ ድምፁ ይቀነሳል፣ የሥራ ጥሪ ከመጣ ውጭ ወጥቶ ይነገራል ተባለ። ሁለተኛው ስምምነት ክፍሎች በተባለው ሰዓት ተጀምረው በተባለው ሰዓት እንዲያልቁ ነው፤ ሰዓት የምትይዝ አንዲት ሠልጣኝ ተመረጠች፣ አሠልጣኙንም የማስቆም ሥልጣን ተሰጣት። እሷም በመጀመሪያው ቀን ሁለት ጊዜ አስቆመችው። ሦስተኛው፣ የሕሙማን ስም ተጠርቶ የሚነገር ምሳሌ እንዳይኖር ነው።

መግቢያው 2፡57 ላይ አለቀ፤ ከዕቅዱ ሁለት ደቂቃ ዘግይቷል። የቅድመ ሥልጠናው ፈተና ከዚያ ቀጠለ። ወረቀቱ ላይ ስም የለም፤ እያንዳንዱ ሠልጣኝ ከስልኩ የመጨረሻ ሦስት አኃዞች ኮድ ሠራ፣ በዓርቡ ፈተና ላይም ያንኑ ይጽፋል። ሁለት ሰዎች ተመሳሳይ አኃዝ ቢኖራቸው ከኋላቸው ፊደል ይጨምራሉ፤ ይህ ቀድሞ ካልተነገረ ዓርብ ላይ የማን ውጤት የማን እንደሆነ ይጠፋል። አሠልጣኙም «ይህ ወረቀት ከዚህ ክፍል አይወጣም፤ የምንፈልገው የትኛው ላይ ብዙ ጊዜ እንደምናጠፋ ለማወቅ ነው» አለ። ከእብጠት ጋር የተያያዙት ጥያቄዎች በብዙዎች ስለተሳቱ ሻይ ላይ ሁለቱ አሠልጣኞች ተመካክረው የረቡዕ ከሰዓትን ክፍል አስረዘሙት። ወረቀቱ ወረዳ ይሄዳል ተብሎ ተያይተው ቢሠሩት ኖሮ ይህ ክፍተት አይታይም ነበር።

የመጀመሪያው የመለካት ልምምድ ኃላፊው እንደወጡ ተጀመረ። በሻይ ሰዓት አስተባባሪዋን የከበባት ሰው አልነበረም፤ ስለ አበል የጠየቀችው ዘግይታ የመጣች አንዲት ሠልጣኝ ብቻ ስትሆን ጎረቤቷ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አሳየቻት። መግቢያ ሠራ አልሠራ የሚለውን ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም፤ ሻይ ላይ ሰው ስለ ምን እንደሚጠይቅ ማዳመጥ በቂ ነው።

ያልተፈታው

መግቢያው ያላስተካከለው ነገርም አለ። ኃላፊው ስለ አቅርቦት ሲጠየቁ በሚቀጥለው ጭነት እንደሚመጣ ተናገሩ፤ ቀኑን ግን መናገር አልቻሉም። ስለዚህ «ለባለቤቱ እናደርሳለን» በሚለው ሥር የተለጠፉት ካርዶች ዓርብ ድረስ እዚያው ነበሩ። ዓርብ 8፡30 ላይ፣ ከፈተናው በፊት፣ አሠልጣኙ ወደ ግድግዳው ሄዶ ካርዶቹን አንድ በአንድ ከሠልጣኞቹ ጋር አያቸው። በመጀመሪያው ቦታ ከተለጠፉት ውስጥ ያልተነካ አንድ ካርድ ተገኘና ለእሱ አሥር ደቂቃ ተሰጠው። የጥብጣቡ ጥያቄ እዚያው ተዘጋ፤ ከሥልጠናው የተረፉት ጥብጣቦች ለጠየቁት ጤና ኬላዎች ተከፋፈሉ። የአቅርቦት ካርዶቹ ግን የቀበሌ ስማቸውና የጎደለው መጠን በአንድ ገጽ ደብዳቤ ተዘርዝሮ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ተጻፈ፤ ግልባጩ ለየጤና ጣቢያዎቹ እንዲሄድ ተደረገ። ደብዳቤው ከመታሸጉ በፊት ለሠልጣኞቹ ተነበበላቸው፤ ሁለት ቀበሌዎችም የጎደለው መጠን በትክክል እንዳልተጻፈ ተናግረው አስተካከሉት። ክፍያው 9፡00 ላይ በተባለው ሰዓት ተጀመረ።